የጨቅላ ሕፃናት ሞት በአንድ ስላይድ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

ሐሙስ ዕለት በዞኑ የጤና ግምገማ ላይ ሲስተር አሥር ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት የሥልጠና በጀት ለአዋላጆች የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ሥልጠና ይዋል። ማስረጃው ከዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ ያለ አንድ አንቀጽ ነው። አንቀጹን እንዳለ ስላይድ ላይ ለጥፈው ላኩልኝ። "አሳምርልኝ" ይላል መልእክቱ።

አንቀጹ ይኸውና፤ አንድም ቃል አልነካሁም።

> በአገራችን የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ከማሻሻል አኳያ በተለይም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተግባራዊ መደረጉን ተከትሎ አበረታች ውጤቶች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ1990 ከነበረበት 204 በ2016 ወደ 67 እንዲሁም በ2019 ወደ 59 ዝቅ ያለ መሆኑ፣ ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ2000 ከነበረበት 97 ወደ 47 የወረደ መሆኑ፣ የጨቅላ ሕፃናት ሞትም በ2000 ከነበረበት 49 በ2011 ወደ 37 ከዚያም በ2019 ወደ 30 የቀነሰ መሆኑ፣ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻም ከ5 በመቶ ወደ 48 በመቶ ያደገ መሆኑ የሚታወቅ ሲሆን፣ ይሁን እንጂ የድኅረ ወሊድ ክትትል ሽፋን ዝቅተኛ በመሆኑና በግብዓት እጥረት ምክንያት በጨቅላ ሕፃናት ሞት ላይ የታየው ለውጥ ከሚጠበቀው አንጻር አናሳ በመሆኑ በቀጣይ የተቀናጀ ርብርብ ማድረግን ይጠይቃል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አራት ነጥቡ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው ያለው። "ሲሆን"፣ "መሆኑ"፣ "በመሆኑ" እያለ ይሄዳል፤ አንባቢ የቱ ዋና፣ የቱ ተጨማሪ እንደሆነ አይለይም።

በዚህ ላይ ፊደል ማሳመር ዋጋ የለውም። መጀመሪያ አንቀጹን መበተን አለብኝ። እያንዳንዱን "መሆኑ" ቆርጬ በየራሱ መስመር አወረድኩት፤ "የሚታወቅ ሲሆን" እና "አኳያ" የመሳሰሉትን አወጣሁ። የቀረው ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ተጀመረ። ከአምስት ዓመት በታች ሞት ቀነሰ። ከአንድ ዓመት በታች ሞት ቀነሰ። የጨቅላ ሕፃናት ሞት ቀነሰ። በጤና ተቋም መውለድ ጨመረ። የጨቅላዎቹ ለውጥ ግን ያንሳል። ምክንያቱ ክትትልና ግብዓት ነው። ርብርብ ያስፈልጋል።

ሲስተር የሚፈልጉት በጀት የተንጠለጠለው በአንዷ ላይ ብቻ ነው፤ "የጨቅላዎቹ ለውጥ ግን ያንሳል" በምትለው። እሷ ደግሞ አንቀጹ ውስጥ ቁጥር ያልተሰጣት መስመር ነች። "ከሚጠበቀው አንጻር አናሳ" ይላል። ማን ነው የሚጠብቀው? ስንት ነው የሚጠበቀው? መልስ የለም።

ስለዚህ ዋናዋ ሐሳብ ታውቃለች። ማስረጃዋን ግን ከሌሎቹ መስመሮች ውስጥ ፈልጌ ማውጣት አለብኝ።

ሰኞ ከሰዓት

ቁጥሮቹን ከምንጫቸው ጋር ማመሳከር ጀመርኩ። ስላይድ ላይ የሚወጣ ቁጥር ከሪፖርት ሳይሆን ከምንጩ ይቀዳል፤ ሪፖርት ራሱ ከሌላ ሪፖርት የተቀዳ ነውና። ምንጩ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ነው። ከዙሮቹ የተጠቀምኩት አራት ትልልቆቹንና በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን አነስተኛ ዙር ነው። ቁጥሮቹ በሙሉ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት የሚሞቱትን ነው የሚናገሩት።

ሦስት ነገር ተገኘ።

የመጀመሪያው 204 ነው። ይህ ቁጥር ከዳሰሳ ጥናቱ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምት ነው፤ ኢትዮጵያ የምዕተ ዓመቱን የሕፃናት ሞት ግብ ማሳካቷ በተነገረበት ጊዜ 204 ወደ 68 ወረደ የተባለው። የዳሰሳ ጥናቱ መነሻ 166 ነው፤ የ2000 እ.ኤ.አ.። አንቀጹ አንዱን ምንጭ መነሻ፣ ሌላውን መድረሻ አድርጎ አያይዟቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ግምት የብዙ ጥናቶችን ውጤት በሒሳብ ሞዴል አስተካክሎ የሚያወጣው ነው። ዳሰሳው ደግሞ እናቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጠይቆ ነው የሚያሰላው። ሁለቱንም መጠቀም ይቻላል፤ አንድ መስመር ላይ መቀጠል ግን አይቻልም። 204 ወጣ።

ሁለተኛው 30 ነው። የ2019ኙ ጥናት ሁለት ጊዜ ነው የታተመው። መጀመሪያ የወጣው የቁልፍ አመላካቾች ሪፖርት የጨቅላ ሕፃናት ሞትን 30፣ ከአምስት ዓመት በታቹን 55 ይላል። በኋላ የወጣው የመጨረሻው ሪፖርት 33 እና 59 ይላል። አንቀጹ 30ን ከፊተኛው፣ 59ን ከኋለኛው ወስዷል። በዚህ ስላይድ ላይ ደግሞ ይህች ሦስት ቁጥር ትልቅ ናት። የጨቅላዎቹን ለውጥ ከሆነው በላይ ታሳያለች፤ ሲስተር ሊሉ የፈለጉትን ታደክማለች። ሁለቱንም ከመጨረሻው ሪፖርት ወሰድኩ።

እንዲህ ያለውን መደበላለቅ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ አንቀጽ ውስጥ ያሉ የአንድ ዓመት ቁጥሮች በሙሉ አንድ ሠንጠረዥ ላይ መገኘት አለባቸው። ለአንዱ ቁጥር ሌላ ፋይል መክፈት ካስፈለገ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ይሄኛው የኛው የራሳችን ጣጣ ነው። አንቀጹ "1995 ዓ.ም." ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጀምራል። ከዚያ "2000"፣ "2011"፣ "2016" ብሎ ሳይናገር ወደ ፈረንጆቹ ይሻገራል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው "በ2016 ወደ 67" ሲባል ቅርብ ጊዜ ይመስለዋል። ጥናቱ ግን የተካሄደው በ2008 ዓ.ም. ነው። "2011" ደግሞ ይብሳል። የ2011 እ.ኤ.አ. ጥናት በእኛ 2003 ነው፤ የ2019 እ.ኤ.አ. ጥናት ደግሞ በእኛ 2011 ነው። አንድ ቁጥር ለሁለት የተለያዩ ጥናቶች ማለት ነው። ስላይዱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን አልኩ፤ 1992፣ 1997፣ 2003፣ 2008፣ 2011። የፈረንጆቹ ዓመት ከታች ምንጩ መስመር ላይ ብቻ ይገባል።

የጸዳው ቁጥር ይህን ይመስላል፦

```
ዓ.ም.   ከ5 በታች   ጨቅላ   ቀሪ
1992   166      49     =B2-C2
1997   123      39     =B3-C3
2003   88       37     =B4-C4
2008   67       29     =B5-C5
2011   59       33     =B6-C6
```

መጨረሻ ላይ ያለው "ቀሪ" የኔ ጭማሪ ነው። ሕፃኑ የመጀመሪያውን ወር ካለፈ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላው የሚከሰተው ሞት ነው። ሲሰላ 117፣ 84፣ 51፣ 38፣ 26 ይወጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መቀነስ የቻልኩት ሁለቱም ቁጥሮች አካፋያቸው አንድ ስለሆነ ነው፤ ሁለቱም ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ነው የሚነሱት። ሁሉም እንዲህ አይደለም። ጥናቱ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላሉት ለብቻ የሚያወጣው የሞት መጠን አለ። እሱ የሚሰላው አንድ ዓመት ከሞላቸው 1,000 ሕፃናት ነው። በ1992ቱ ጥናት ከአንድ ዓመት በታቹ 97፣ ከዚያ በላዩ 77 ነበር። ቢደመሩ 174 ይሆናሉ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለው ሞት ግን 166 ነው። ስለዚህ ከሠንጠረዡ ላይ ሁለት ዓምድ አንስቶ ከመደመር ወይም ከመቀነስ በፊት "ከስንት ውስጥ?" ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት

ርዕስ ላይ ነኝ። ከሥራው ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው፤ ደስ የሚለኝም ይሄ ነው።

ሲስተር የላኩት ስላይድ ርዕስ "የሕፃናት ሞት ሁኔታ በኢትዮጵያ" ይላል። ይህ የመደርደሪያ ስም ነው። ስለ ሕፃናት ሞት እንደሚወራ ይነግረናል፤ ምን እንደሚባል አይነግረንም። አድማጭ የራሱን መደምደሚያ ይዞ ይሄዳል፤ ያኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ "ቀንሷል፣ ጥሩ ነው" የሚል ይሆናል። ቀንሷል የተባለ ነገር ደግሞ በጀት አያገኝም።

ርዕሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲሆን ነው የምፈልገው፤ ግስ ያለው። መለኪያዬ አንድ ነው። ሰው ተነስቶ "ይሄ ልክ አይደለም" ሊለው የሚችል ነገር መሆን አለበት። "ሁኔታ" ላይ ማንም አይከራከርም።

"የጨቅላ ሕፃናት ሞት አሁንም ከፍተኛ ነው።" ግስ አለው። ግን ከምን አንጻር ነው ከፍተኛ? የሚደግፈው ማስረጃም ንጽጽር ይፈልጋል፤ ከጎረቤት አገር ጋር ይሁን ከግብ ጋር አይታወቅም። በእጄ ያለው ሠንጠረዥ እንዲህ ያለ ንጽጽር የለውም። ርዕስ ከማስረጃው በላይ ተስፋ መስጠት የለበትም።

"ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ነው።" ይህን ወደድኩት። አጭር ነው፤ ይመታል። 33 ለ59 ሲካፈል 56 በመቶ ነው፤ ልክ ነው። ከዚያ አንድ ጥናት ወደኋላ ሄድኩ። በ2008ቱ ጥናት 29 ለ67 ነው፤ 43 በመቶ። በ2003ቱ 42 በመቶ። "ከግማሽ በላይ" የቆመው በመጨረሻው ጥናት ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። መጨረሻው ደግሞ አነስተኛው ነው። የ2008ቱ 15,683 ሴቶችን አነጋግሯል፤ የ2011ዱ 8,885 ብቻ። ናሙና ሲያንስ የግምቱ ወዲህና ወዲያ መወዛወዝ ይጨምራል። ነገ ሌላ ጥናት ወጥቶ 48 በመቶ ቢል ርዕሱ ይወድቃል። ሲስተርም አብረው ይወድቃሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የመጨረሻውን ነጥብ በእጄ ሸፍኜ አየዋለሁ። ሐሳቡ ያለሱም ከቆመ ይሄዳል። ካልቆመ ሌላ እፈልጋለሁ።

ሸፍኜ ሳየው የቀረው ነገር የሁለቱ ፍጥነት ልዩነት ነው። ከ1992 እስከ 2008 ያለው ብቻ ሲታይ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ያለው ሞት ከ117 ወደ 38 ወርዷል፤ 68 በመቶ ቅናሽ። የመጀመሪያው ወር ከ49 ወደ 29፤ 41 በመቶ። የመጨረሻውን ስጨምር 117 ወደ 26 ነው፤ 78 በመቶ። 49 ወደ 33 ደግሞ 33 በመቶ። ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ ነገሩ ግን አይለወጥም። በሁለቱም መንገድ ጨቅላዎቹ ወደኋላ ቀርተዋል።

ርዕሱ ይህ ሆነ፦

*ከመጀመሪያው ወር በኋላ ያለው የሕፃናት ሞት ከሦስት አራተኛ በላይ ቀነሰ፤ በመጀመሪያው ወር ያለው ግን የቀነሰው በሲሶ ነው።*

"78 በመቶ" እና "33 በመቶ" ማለት ይቻል ነበር። አዳራሽ ውስጥ ግን ሁለት መቶኛ በአንድ ትንፋሽ አይያዝም። ሲሶ ያልኩትን ገበሬም ሐኪምም ይይዘዋል። በዚያ ላይ ዳሰሳ ጥናት ነው፤ ከነነጠላ አሃዙ መናገር የሌለውን ጥራት እንዳለው ያስመስላል።

ደግሞ "የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር" አላልኩም፤ "ሞት" ነው ያልኩት። ያለን ከ1,000 የሚሰላ መጠን ነው። የሚወለዱ ሕፃናት ብዛት በየዓመቱ ስለሚለያይ መጠኑ በሲሶ ቢቀንስም ብዛቱ በሲሶ ቀነሰ ማለት አይደለም።

ማክሰኞ ከሰዓት

ሥዕሉ።

መጀመሪያ የሚመጣው መስመር ነው፤ ጊዜ ስላለ። ሁለት መስመር ሳልኩ፤ አንዱ ከ117 ወደ 26፣ ሌላው ከ49 ወደ 33። ያምራል። ችግሩ መጨረሻ ላይ ይቆራረጣሉ። በ2008 ቀሪው 38፣ ጨቅላው 29 ነው፤ በ2011 ቀሪው 26፣ ጨቅላው 33። መስመሮች ሲቆራረጡ ዓይን ሌላ ነገር አያይም። አድማጭ ርዕሱን ትቶ "ተሻገረ!" የሚለውን ይዞ ይወጣል። ያ ደግሞ ጠዋት የጣልኩት "ከግማሽ በላይ" ነው፤ በሥዕል መልክ ተመልሶ የመጣ። ርዕሱ አንድ ነገር ብሎ ሥዕሉ ሌላ ነገር ሲጮህ የሚያሸንፈው ሥዕሉ ነው።

ስለዚህ የተደራረበ ዓምድ አደረግኩት። በየጥናቱ አንድ ዓምድ። ከታች ጨቅላው፣ ከላይ ቀሪው፤ ጠቅላላ ቁመቱ ከአምስት ዓመት በታች ያለው ሞት ነው። ጨቅላውን ከታች ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ከታች ያለው ሁሉም ከአንድ መሬት ስለሚነሳ ዓይን በቀላሉ ያወዳድረዋል። 49፣ 39፣ 37፣ 29፣ 33፤ ብዙም የማይወርድ ወለል ሆኖ ይታያል። ላዩ መነሻው ከዓምድ ዓምድ ስለሚለያይ ለማወዳደር ይከብዳል፤ ግን ከ117 ወደ 26 የወረደ ነገር ለማየት ማስመሪያ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሠንጠረዡን እንዳለ መርጦ ዓምድ ሲያዝ ነው። ከአምስት ዓመት በታችና ጨቅላ ሁለቱም ከተመረጡ ፕሮግራሙ 166 ላይ 49 ይደርብና 215 የሚደርስ ዓምድ ያወጣል። ጨቅላው ግን 166 ውስጥ አለ። መደራረብ ያለባቸው ጨቅላውና ቀሪው ብቻ ናቸው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ዓምድ ጫፍ 166 ላይ ካላረፈ ስሕተት አለ።

የዓመቶቹ ርቀት እኩል አይደለም። 5፣ 6፣ 5፣ ከዚያ 3 ነው። ዓምድ ግን እኩል አራርቆ ይደረድራቸዋል። ስለ መስመር ቁልቁለት የምናወራ ቢሆን ይህ ያሳስተን ነበር። ርዕሱ የሚያወዳድረው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ስለሆነ ተውኩት፤ ዓመቱን ግን በየዓምዱ ሥር በጉልህ ጻፍኩ።

ከዚያ መቀነስ። የጎን ሚዛኑ ወጣ። አግዳሚ መስመሮቹ ወጡ። የቀለም መግለጫ ሳጥኑ ወጣ፤ በምትኩ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ "የመጀመሪያው ወር" እና "ከዚያ በኋላ" ብዬ በቀጥታ ጻፍኩ። አሥሩንም ቁጥር በየቦታው አስቀምጬ ነበር፤ በዛ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓምድ ቁጥሮች ብቻ ቀሩ፤ 117 እና 49፣ 26 እና 33። የመሃሉ ሦስት ዓምድ ያለ ቁጥር ቆመ። መሃል ያለው የአወራረዱን ቅርጽ ነው የሚያሳየው፤ ርዕሱ የሚጠራቸው አራቱን ነው።

ቀለም ሁለት ብቻ ነው። ላዩ ፈዛዛ ግራጫ፣ ታቹ ጠቆር ያለ ሰማያዊ። ግምገማ ላይ የሚታደለው ወረቀት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ በዚያም ሞከርኩት፤ ይለያል። ቀይና አረንጓዴ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት

ለሲስተር ላክሁት። ወዲያው ደወሉ።

"አንተ ልጅ፣ ሌላው ሥራችን የት ገባ? ኤክስቴንሽኑ፣ ተቋም የሚወልዱት ከ5 ወደ 48 የገቡት?"

"አልጠፋም ሲስተር፤ ቀጥሎ ያለው መጠባበቂያ ስላይድ ላይ አለ። ሲጠየቁ ይከፍቱታል።"

"ምክንያቱስ? ክትትል የለም፣ ግብዓት የለም ብለን ጽፈን ነበር እኮ።"

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ዳሰሳ ጥናቱ ምን ያህል እንደሚሞቱ ይናገራል፤ የድኅረ ወሊድ ክትትል ምን ያህል እንደሆነም ይናገራል። ሁለቱን "በዚህ ምክንያት" ብሎ የሚያስተሳስረው ግን የአንቀጹ ጸሐፊ ነው። የሲስተር የሠላሳ ዓመት ልምድ ሊያስተሳስረው ይችላል። ያ ግን በአፋቸው ይነገራል፤ የጥናቱ ስም በተጻፈበት ስላይድ ላይ አይሰፍርም። እንዲህ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "በአፌ ከሆነ እንዲያውም ይሻላል" አሉ።

በመጠባበቂያው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ጨመርኩ። በ2008ቱ ጥናት በተወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙ ሕፃናት 13 በመቶ ናቸው። ለበጀት ጥያቄያቸው ድልድይ የሚሆናቸው እሱ ነው። ምክንያት ነው አይልም፤ ክፍተቱን ያሳያል።

ቀጠሉና ያልጠበቅኩትን አመጡ። "33 ከ29 ይበልጣል። 'ጨመረ እንዴ?' ብለው ያፋጥጡኛል።"

የመጨረሻውን ዓምድ አውጥቼ በ2008 ማቆም ይቻል ነበር። ያኔ ወለሉ በሥርዓት ይወርዳል፤ ጥያቄም አይነሳም። ግን አዲሱን ጥናት የሚያውቅ አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ከኖረ "ያልተመቻችሁን ደበቃችሁ" ይላል፤ እውነትም አለው። ዓምዱ ይቆያል። መልሱን ማስታወሻው ላይ ጻፍኩላቸው፦ "የ2011ዱ ጥናት አነስተኛ ነው። በ29 እና በ33 መካከል ያለው ልዩነት በናሙና መዋዠቅ ሊመጣ የሚችል ስለሆነ ጨመረ አንልም። የምንለው ከ1992 ወዲህ የቀነሰው በዝግታ ነው።"

"ደግሞ 'የእኛ ዞንስ?' ይላሉ።" ይሄም አይቀርም። ጥናቱ የተነደፈው ለአገርና ለክልል ነው፤ ለዞን ቁጥር አያወጣም። ስለዚህ ስላይዱ ላይ "በኢትዮጵያ" የሚለው ቃል በግልጽ ገባ። የዞኑን ነገር ከራሳቸው መዝገብ ይናገራሉ፤ ያ ደግሞ በጤና ተቋም የሞቱትን ብቻ ነው የሚይዘው። ቤት የሞተውን አያይም። ሁለቱን በአንድ ሥዕል ላይ አናገናኝም ተባባልን።

አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም። ሲስተር "ርብርብ" የሚለው ቃል እንዲመለስ ፈለጉ፤ ያለሱ ሪፖርት አይመስላቸውም። ስላይዱ ሪፖርት አይደለም አልኩ። በመጨረሻ ንግግራቸው ውስጥ ገባ።

ረቡዕ ማታ

የማሳረፊያ ሥራ። ርዕሱ ሁለት መስመር ነው። ፓወርፖይንት ራሱ ሲሰብረው "በመጀመሪያው / ወር" ብሎ ከመሃል ቆረጠው። በ Shift+Enter ድርብ ሰረዙ ላይ ሰበርኩት። አሁን ላይኛው መስመር ስለ ቀሪው፣ ታችኛው ስለ ጨቅላው ይናገራል፤ ልክ እንደ ዓምዱ፣ ላዩ ላይ ታቹ ታች።

ሳጥኑ ሲሞላ ፊደሉን ራሱ የሚያሳንሰውን ምርጫ አጠፋሁ። እሱ ካልጠፋ ጽሑፍ በዛ የሚል ማስጠንቀቂያ አይታይም፤ ፊደሉ ዝም ብሎ እያነሰ ይሄዳል። ርዕሱ በ28 ነጥብ፣ የዓምዱ ቁጥሮች በ24 ናቸው። ምንጩ በ14፤ "የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ 2000፣ 2005፣ 2011፣ 2016 እና 2019 እ.ኤ.አ.፤ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት፤ እያንዳንዱ ጥናት ከመካሄዱ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት ይመለከታል።" ይህች የመጨረሻ ሐረግ ትቅር ብዬ ነበር። ግን "የ2011" የተባለው ሞት በ2011 ብቻ የተከሰተ እንዳይመስል ያስፈልጋል።

ፊደሉን ከ Nyala ወደ Ebrima ቀየርኩት። Nyala ያምራል፤ ግን ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ አይመጣም፤ ደግሞም ሲደምቅ ራሱን የቻለ ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው ይደፈርሳል። Ebrima ሁለቱም አለው። ለማንኛውም File > Options > Save ውስጥ ገብቼ ፊደሉን ፋይሉ ውስጥ አካተትኩት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ላፕቶፕ የማን እንደሆነ አናውቅም። ፒዲኤፍ ኮፒም በፍላሽ ያዙ።

ስላይዱን ለመፈተን ጉዳዩን ለማያውቅ ጎረቤቴ ስልኬ ላይ አሳየሁትና መልሼ ደበቅኩት። "ምን ይላል?" አልኩት። "ከወር በኋላ የሚሞቱት በጣም ቀንሰዋል፣ አራስ ሳሉ የሚሞቱት ግን ያን ያህል አልቀነሱም" አለ። ከዚያ "ለምን?" ብሎ ጠየቀኝ። ሲስተር ነገ የሚጠየቁት እሱን እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ሐሙስ

ከሰዓት ደወሉልኝ። መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ "ለምን?" ነበር። ሁለተኛው የ29 እና የ33 ነገር። የዞኑን የጠየቀ የለም። በጀቱ ገና አልተወሰነም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት አድሯል። ሰብሳቢው ስላይዱን ፈልገው ስለነበር ከመጠባበቂያው ጋር ላክሁላቸው፤ ማስታወሻው ያለበትን ቅጂ፣ ምክንያቱም ስላይዱ ብቻውን ሲዞር የ2011ዱን ዓምድ የሚያብራራ ሰው አብሮት አይሄድም።